«ትንሽ ችግር አጋጥሞን ነበር»፦ ክፉ ዜና በስልክ፣ በኢሜይል ወይስ በቴሌግራም?

ከዚህ በታች ያለው መልእክት ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በአንድ ማተሚያ ቤት ኃላፊ ስልክ ላይ ተጽፎ ለመላክ የተዘጋጀ ነው እንበል። ለምሳሌነት ያዘጋጀነው ቢሆንም፣ አንባቢ ወንድሙን ወይም እህቱን የሆነ መልእክት ደርሶት ያውቃል ብዬ እገምታለሁ።

«ሰላም፣ እንዴት ዋልሽ? ሥራ እንዴት ይዞሻል? ትንሽ ችግር አጋጥሞን ነበር፣ መመሪያው ላይ ማለቴ ነው። ልጆቹ ጥረዛ ላይ ተሳስተው አንዳንዱ ላይ ገጽ ተዘበራርቋል። እኛም በጣም አዝነናል። መብራትም እየጠፋ አስቸግሮን ስለነበር ነው። እንደምንም እናስተካክላለን፣ አታስቢ። በዚያው የቀረውን ክፍያ ነገር ብትጠይቂልን።»

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ የሥልጠና ፕሮጀክት 800 መመሪያ አሳትሟል። ርክክቡ አርብ ነው። ሥልጠናው ሰኞ ጠዋት በአዳማ፣ በሐዋሳና በባሕር ዳር ይጀመራል። ሐሙስ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ መጽሐፉ ወደ ካርቶን ሲገባ፣ ከገጽ 33 እስከ 48 ያለው ክፍል ሁለት ጊዜ የተጠረዘበት፣ ከ49 እስከ 64 ያለው ደግሞ ጨርሶ የሌለበት ቅጂ ተገኘ። ሁሉም ተከፍቶ አንድ በአንድ ሲታይ 310 ቅጂ እንዲህ ሆኖ ወጣ። የቀሩት 490 ደህና ናቸው። የጎደለውን ክፍል ማታውኑ አትሞ፣ 310ሩን ፈትቶና እንደገና ጠርዞ ለማድረስ እስከ ቅዳሜ ከቀኑ 10 ሰዓት ይፈጃል። ኃላፊው ይህን ሁሉ ያውቃል። መልእክቱ ውስጥ ግን ከዚህ አንዱም የለም።

መልእክቱ መጥፎ የሆነው ሰውየው መጻፍ ስለማይችል አይመስለኝም። አምስት የተለያዩ ነገሮች አንድ ላይ ስለታጨቁበት ነው፦ ዜና፣ ይቅርታ፣ ምክንያት፣ ተስፋና የገንዘብ ጥያቄ። ሰዎች እንዲህ ያለ ጉዳይ ሲገጥማቸው ብዙውን ጊዜ የሚጠይቁት «በምን ልላከው?» ብለው ነው። ከዚያ በፊት ያለው ጥያቄ ግን መልእክቱ ስንት ነው የሚለው ነው። ከአምስቱ አንዳንዱ በድምፅ መነገር አለበት፣ አንዳንዱ በጽሑፍ መቀመጥ አለበት፣ አንዳንዱ ደግሞ ዛሬ መነሳት የለበትም። መለየቱ ካለቀ መንገዱን መምረጥ ብዙም አያስቸግርም።

አስቀድመን መልእክቱ እንዳለ በቴሌግራም ቢላክ የሚሆነውን እንይ። የፕሮጀክቱ አስተባባሪ በዚያ ሰዓት ስብሰባ ላይ ልትሆን ትችላለች፤ ስልኳ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ። ማሳወቂያው የሚያሳየው የመልእክቱን መጀመሪያ ብቻ ነው፤ ሰላምታውን እና «ትንሽ ችግር አጋጥሞን ነበር» የምትለዋን። ምን ያህል? የቱ ጋ? አይታወቅም። እሷ ስብሰባው እስኪያልቅ በሐሳብ ትብሰለሰላለች። መልእክቱን ከፍታ ካነበበችው ደግሞ ምልክቱ ሁለት ይሆናል። ኃላፊው እንዳነበበች ያያል፣ መልስ የለም፤ እሱም በተራው ይጨነቃል። ከዚያ በፊትም ቢሆን፣ የጭውውት መስኮቱ ውስጥ እየጻፈና እየሰረዘ አሥር ደቂቃ ከቆየ፣ መስኮቱን ከፍታ ከሆነ እየጻፈ መሆኑ ይታያታል። አስቸጋሪ መልእክት በዚያ መስኮት ውስጥ አይረቀቅም፤ ወረቀት ላይ ወይም በራሱ በቴሌግራም «Saved Messages» ውስጥ ይረቀቃል።

የቴሌግራም ሌላው ጣጣ መልእክቱ እዚያው አለመቅረቱ ነው። አስተባባሪዋ ለአለቃዋ መንገር ስላለባት ቀላሉ መንገድ ያንኑ መልእክት ወደ አለቃዋ ማስተላለፍ ነው። አስተላላፊዋ ካልደበቀችው በቀር የተላለፈው መልእክት የመጀመሪያውን ጸሐፊ ስም ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ «ልጆቹ ተሳስተው» የሚለው ዐረፍተ ነገር ለወዳጅ ተጽፎ ሰውየውን በማያውቀው ዳይሬክተር ይነበባል። ኃላፊው ቆይቶ ሊያርመው ይችላል፤ ቴሌግራም እስከ 48 ሰዓት ድረስ ማረምን ይፈቅዳል። ቀድሞ የተላለፈው ቅጂ ግን አይታረምም።

«ትንሽ» ስለምትለዋ ቃል አንድ ነገር ልበል። በእኛ አገር መርዶ በድንገት አይነገርም። ዘመድ ተሰብስቦ፣ ብዙውን ጊዜ በማለዳ፣ ቤት ድረስ ተሄዶ ነው። ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ላለ ሰው እንኳ ዜናው በቀጥታ አይደወልለትም፤ እዚያ ላሉ ወዳጆቹ ተደውሎ እነሱ ተሰባስበው ይሄዱለታል። እስከዚያ ድረስ በስልክ ከተጠየቁ የሚመልሱት «ትንሽ አሟቸዋል» ብለው ነው። እንዲህ ባለ ልማድ ያደገ ሰው ያለ ምንም ዝርዝር «ትንሽ ችግር» ሲባል ትልቁን ነው የሚገምተው። ልብን ለማሳረፍ የገባችው ቃል ልብን ታስደነግጣለች። 310 ከ800 የሚለው ቁጥር ከ«ትንሽ» ይልቅ ያረጋጋል፤ ወሰን አለውና።

በኢሜይል ቢጀምርስ? ኢሜይል ስንጽፍ ብዙዎቻችን የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ቋንቋ ይይዘናል። ውጤቱ ይህን ይመስላል፦

«ጉዳዩ፦ ስለ ሕትመት ሥራ። በሥልጠና መመሪያው ጥረዛ ላይ በተፈጠረ ቴክኒካዊ ችግር ምክንያት የርክክቡ ጊዜ ሊራዘም እንደሚችል እየገለጽን፣ ለተፈጠረው መጉላላት ከወዲሁ ይቅርታ እንጠይቃለን።»

ጨዋ ነው፤ ስሕተት አይወጣለትም። ግን ችግሩ ራሱ ተፈጠረ እንጂ ማንም አልፈጠረውም። ጊዜው «ሊራዘም ይችላል» እንጂ እስከ መቼ እንደሆነ አይታወቅም። የስንት ቅጂ እንደሆነም የለም። ይቅርታው የተጠየቀው ደግሞ ለመጉላላቱ ነው፤ ለተበላሸው ሥራ አይደለም። ከሁሉ የሚብሰው ግን አስተባባሪዋ ኢሜይሉን አርብ ጠዋት ልትከፍተው መቻሏ ነው። ሐሙስ ማታን ያህል ጊዜ በዝምታ ባከነ ማለት ነው። ያንን ሌሊት ደግሞ ለመኪና ዝግጅት ትፈልገዋለች።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚነሳው ስልኩ ነው። ምክንያቱ ግን ብዙዎች እንደሚሉት ስልክ መደወል ጨዋነት ስለሆነ ብቻ አይደለም። ኃላፊው የማያውቀው አንድ ነገር አለ፦ መጽሐፉ ለየትኛው ከተማ ስንት እንደሚሄድ። እሷ ታውቃለች፤ ለባሕር ዳር 270፣ ለሐዋሳ 220፣ ለአዳማ 310። ይህ ሲታወቅ ነገሩ ሁሉ ይቀላል። ደህናዎቹ 490 ቅጂዎች ሩቅ ለሆኑት ለባሕር ዳርና ለሐዋሳ ልክ ይበቃሉ፤ እንደገና የሚጠረዙት 310 ቅዳሜ ማታ ቢደርሱም አዳማ ቅርብ ነው፤ እሑድ ይገባሉ። ይህ መፍትሔ በኃላፊው ጭንቅላት ውስጥ ብቻ፣ ወይም በእሷ ጭንቅላት ውስጥ ብቻ አልነበረም። ሁለቱ ሲነጋገሩ ነው የሚወጣው። አንዱ የሚለው በሌላው መልስ ላይ ሲንጠለጠል ጽሑፍ ቀርፋፋ ነው፤ ያኔ ይደወላል።

ሁለተኛው ምክንያት ቃና ነው። የአሜሪካ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ጀስቲን ክሩገርና ኒኮላስ ኤፕሊ ከባልደረቦቻቸው ጋር በ2005 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ ተሳታፊዎች አንዳንዱ የምር፣ አንዳንዱ የሽሙጥ የሆኑ ዐረፍተ ነገሮችን ለሌላ ሰው በኢሜይል ወይም በድምፅ እንዲያደርሱ አደረጉ። ላኪዎቹ በሁለቱም መንገድ ከመቶ 78 ያህሉን ተቀባዩ በትክክል ይለየዋል ብለው ገመቱ። በድምፅ የደረሰውን ተቀባዮቹ ከመቶ 73 ያህል ለዩት። በኢሜይል የደረሰውን ግን 56 ያህሉን ብቻ ነው፤ ሳንቲም ወርውሮ ከመገመት ብዙም አይሻልም። የሚገርመኝ ሁለተኛው ቁጥር አይደለም፤ ላኪዎቹ ልዩነቱን ፈጽሞ አለመጠርጠራቸው ነው። ስንጽፍ የራሳችን ድምፅ በጆሯችን ይሰማናል። «እኛም በጣም አዝነናል» ብሎ የጻፈው ሰው በእውነት አዝኖ ይሆናል፤ ለአንባቢዋ ግን በዳዩ ለቅሶ የተቀመጠ ይመስላታል።

አሁን ረቂቁን ለስልክ እንቀይረው። ለስልክ የሚጻፍ ነገር ሙሉ ዐረፍተ ነገር አይደለም፤ ካነበቡት ያስታውቃል። በወረቀት ላይ አራት አጫጭር መስመሮች ይበቃሉ፦ 310 ተበላሽቷል፣ የእኛ ስሕተት ነው፣ 490 ነገ ጠዋት፣ ቀሪው ቅዳሜ 10 ሰዓት። ከሥሩ አንድ ጥያቄ፦ የትኛው ከተማ ይቅደም? ሲነገር እንዲህ ይሆናል፦

«ሰላም፣ እንዴት ዋልሽ? ስለ መመሪያው ደስ የማይል ነገር ልነግርሽ ነው የደወልኩት። አምስት ደቂቃ አለሽ?»

«... ከ800ው 310ሩ ጥረዛ ላይ ተበላሽተውብናል። አሥራ ስድስት ገጽ ይጎድላቸዋል። ስሕተቱ የእኛ ነው፤ ይቅርታ። 490ው ደህና ነው፣ አንድ በአንድ አይተነዋል፤ ነገ ጠዋት ላስረክብ እችላለሁ። የቀሩት ቅዳሜ ከቀኑ 10 ሰዓት ይደርሳሉ። የቱ ከተማ ይቅደም?»

ሰላምታው ማጠሩን ልብ ይበሉ። የእኛ ሰላምታ ረጅም ነው፣ መልካምም ነው። ነገር ግን ስለ ልጆች ጤና፣ ስለ ሥራ፣ ስለ አየሩ ሦስት ደቂቃ ከተወራ በኋላ «እና... ምን መሰለሽ...» ሲባል፣ ያ ሁሉ ጥየቃ ለማለስለሻ የመጣ ይመስላል። ሰላምታው አንድ ዙር ይሁንና ወዲያው የነገሩ ዓይነት ይነገር። «አምስት ደቂቃ አለሽ?» የምትለዋም ለወጉ አልገባችም። ስብሰባ ላይ ከሆነች ወጥታ ትሰማለች ወይም በአሥር ደቂቃ ውስጥ ትደውላለች፤ ዜናውን የምትሰማበትን ቦታ እሷ ትመርጣለች።

ከጥያቄው በኋላ ዝም ማለት ያስፈልጋል፤ ይህ ነው የሚከብደው። በወዲያኛው ጫፍ ዝምታ ሲሆን ሰው እንዳይከብድበት ያወራል፤ መብራቱም፣ አዲሱ ልጅም፣ የወረቀት ዋጋም ያኔ ይወጣሉ። ምክንያት ሳይጠየቅ ሲቀርብ ጥፋትን ማስተባበያ ሆኖ ይሰማል። ስትጠይቅ ሲነገር ግን መረጃ ነው፤ «እንዴት ሆነ?» ካለች ብቻ የሆነውን በአጭሩ መንገር ነው። ልትቆጣም ትችላለች። ትቆጣ። በስልክ የተቆጣ ሰው ከሁለት ደቂቃ በኋላ «እሺ፣ አሁን ምን እናድርግ?» ይላል፤ በጽሑፍ የወጣ ቁጣ ግን ተቀምጦ ደጋግሞ ይነበባል።

ከመጀመሪያው ረቂቅ ሁለት ነገር ወድቋል። «አታስቢ» ወጥቷል፤ ሰኞ 800 ሰው ፊት የምትቆመው እሷ ናት፣ ማሰብ ሥራዋ ነው። የክፍያው ነገርም ወጥቷል። የሚጠየቅ ገንዘብ አለ፣ መብትም ነው፤ ግን የመጨረሻው ካርቶን ተቆጥሮ የርክክብ ሰነዱ ከተፈረመ በኋላ ራሱን ችሎ ይጠየቃል። ከጥፋት ዜና ጋር አንድ ላይ ከመጣ ዜናው ሁሉ ለክፍያው የተደረደረ ይመስላል።

ስልኩ ሲዘጋ ግማሹ ሥራ ገና ነው። አስተባባሪዋ ለዳይሬክተሯ፣ ለፋይናንስና ለሾፌሮች መንገር አለባት። በስልክ የሰማችውን ከራሷ እየጨመረችና እየቀነሰች እንድትደግመው ማስገደድ ሌላ ሸክም መጫን ነው። ስለዚህ ኃላፊው በዚያው ሰዓት፣ ቢዘገይ በአንድ ሰዓት ውስጥ፣ ኢሜይል ይጽፋል። ይህ ኢሜይል ዜና አያበስርም፤ ዜናው ተነግሯል። ምንም ሳትነካካው ለሌሎች ልታስተላልፈው የምትችል መሆን አለበት።

«ጉዳዩ፦ 490 መመሪያ ነገ አርብ፣ 310 ቅዳሜ ይደርሳል

ዛሬ በስልክ በተነጋገርነው መሠረት የሚከተለውን በጽሑፍ አረጋግጥልዎታለሁ። ካሳተሙት 800 የሥልጠና መመሪያ 310ሩን ስንጠርዝ ተሳስተናል፤ ከገጽ 49 እስከ 64 ያለው ይጎድላቸዋል። ስለ ስሕተቱ ይቅርታ እጠይቃለሁ። እንደገና የማተሚያውና የመጠረዣው ወጪ የእኛ ነው።

490ው ቅጂ ነገ አርብ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ቢሮዎ ይደርሳል፤ 270ው ለባሕር ዳር፣ 220ው ለሐዋሳ ተለይቶ ካርቶኑ ላይ ይጻፍበታል። የአዳማው 310 ቅዳሜ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ይደርሳል። ይህ ሰዓት የሚለወጥ ከሆነ ቅዳሜ ከጠዋቱ 4 ሰዓት በፊት እደውልልዎታለሁ።»

በስልክ «አንቺ» የነበረችው እዚህ «እርስዎ» ሆናለች። የተኳረፉ መስሎ እንዳይታይ፤ ኢሜይሉን ዳይሬክተሩና ፋይናንሱም ያነቡታል፣ በእነሱ ፊት የሚገባት ማዕረግ ይህ ነው። በተቃራኒው ዓመታት «አንቺ» ሲላት ኖሮ በስልክ ወይም በቴሌግራም ድንገት «እርስዎ» ቢላት ነገር እንዳለ ወዲያው ይገባታል፤ ለዚያ ነው ስልኩ ላይ ያልተቀየረው። «ልጆቹ» ጠፍተዋል፤ «ተሳስተናል» የሚለው ተተክቷል። ወጪው የማን እንደሆነ ተጽፏል፤ ፋይናንስ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው። ጉዳዩ የሚለው መስመር ላይ «ስለ ሕትመት ሥራ» ከማለት ቁጥሩና ቀኑ ገብቷል፤ ስልክ ላይ ኢሜይሉን ሳይከፍት የሚያይ ሰው እንኳ ዋናውን ያገኛል።

ስለ ሰዓት አንድ ጥንቃቄ አለ። ኢሜይሉ ለውጭ አገር ሰው የሚተላለፍ ከሆነ፣ የእኛ 10 ሰዓት ለእሱ ጠዋት ነው። «ከቀኑ 10 ሰዓት (4:00 PM)» ብሎ መጻፍ ለሾፌሩም ለፈረንጁም ይበቃል። ቅዳሜ ጠዋት ቢሮ በር ላይ ሆኖ መኪና የሚጠብቅ ሰው ሌላ ጥል ነው።

ቴሌግራም የቀረ እንዳይመስል። አሁን ተራው ደረሰ። «490ው ተጭኗል፣ ሾፌሩ መንገድ ላይ ነው»፤ እንደገና የተጠረዘው ቅጂ ከገጽ 48 ወደ 49 ሲሻገር የሚያሳይ ፎቶ፤ «310ሩ አለቀ፣ እያሸግን ነው»። እነዚህ በየሰዓቱ ስልክ ቢደወልባቸው ያሰለቻሉ፣ በኢሜይል ቢጻፉ ይረሳሉ። ማንም አይደነግጥባቸውም፣ አጭር ናቸው፣ «አንቺ»ም ያምርባቸዋል። ከሥራው የሚበዛው ክፍል ያለቀው እንዲያውም በእነዚህ ነው።

ቅደም ተከተሉ ግን የማይለወጥ ሕግ አይደለም። ጽሑፍ የሚቀድምበት ጊዜ አለ። በስልክ ቁጭ ብሎ ከሚሳደብ ሰው ጋር ያለ ጉዳይ፣ ጆሮው በደንብ የማይሰማ ሰው፣ ወይም አጥንቶ መመለስ ያለበት የውል ጥያቄ ሲሆን ቀድሞ ይጻፋል፣ ቀጥሎ ይደወላል። ሕግ ራሱ መንገዱን የሚወስንበት ጊዜም አለ። በኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሥራ ውል የማቋረጥ ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ይሆናል፤ አሠሪው የሚሰጠው ለሠራተኛው በእጁ ነው። ጽሑፉ ያስፈልጋል፣ ሰውም ፊት ለፊት ያስፈልጋል። አሜሪካ ውስጥ ሬዲዮሻክ የተባለው የኤሌክትሮኒክስ ሱቆች ድርጅት በነሐሴ 2006 እ.ኤ.አ. በፎርት ዎርዝ ዋና መሥሪያ ቤቱ 400 ያህል ሠራተኞችን በኢሜይል አሰናብቶ እስከ ዛሬ ስሙ በዚያ ይነሳል።

ስልኩ ባይነሳስ? ይህ በጣም የተለመደው ነገር ነው፤ ብዙ ጥሩ ዕቅድም እዚህ ላይ ይበላሻል። ተደጋጋሚ ሚስኮል ማድረግ ቤት ውስጥ ሰው የሞተባት እንዲመስላት ያደርጋል። ሁለቴ ደውሎ ካልተነሳ በቴሌግራም ዜናውን ሳይሆን የዜናውን ዓይነት መጻፍ ይሻላል፦ «ስለ መመሪያው ርክክብ ዛሬ መወሰን ያለበት ነገር አለ። መፍትሔ ይዣለሁ፣ የአንቺ ውሳኔ ግን ያስፈልጋል። እስከ 11 ሰዓት ስትችዪ ደውዪልኝ።» ምኑ ላይ እንደሆነ፣ እስከ መቼ እንደሆነና ከእሷ የሚፈለገው ምን እንደሆነ አለበት። ማሳወቂያው ላይ ቢታይም ማንንም አያሳፍርም።

11 ሰዓት ሆኖ ድምፅ ከሌለ መጠበቅ ያበቃል። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ሰዓት የእሷን ምርጫ ያጠብባል፤ መኪና ሐሙስ ማታ ይገኛል፣ አርብ እኩለ ቀን ላይ ላይገኝ ይችላል። ያኔ ያው ኢሜይል ይላካል፣ ግን ሁለት ቦታ ተቀይሮ። «በስልክ በተነጋገርነው መሠረት» የነበረው «ዛሬ ሁለት ጊዜ ደውዬ ስላላገኘሁዎት በጽሑፍ ለማሳወቅ ተገድጃለሁ» ይሆናል። ከተሞቹ ገና ስላልታወቁም በድልድሉ ምትክ ጥያቄ ይገባል፦ «490ውን ለየትኛው ከተማ እንደምንለይ እስከ ነገ ጠዋት 2 ሰዓት ቢነግሩኝ፤ እስከዚያ ካልሰማሁ ሳንለይ ቢሮዎ እናደርሰዋለን።»